ካናቢዳዮልን ከየትኛው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ጋር? ጎንደር ላለ ቤተሰብ የንጽጽር መመሪያ

ጎንደር ውስጥ መድኃኒት ቤት ቆሜ ስሠራ፣ ከውጭ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ትንሽ ጥቁር ጠርሙስ ይዘው የሚመጡ ወላጆች እየበዙ ነው። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ይሄ ለልጄ ይሆናታል?» ጠርሙሱን ከማየቴ በፊት እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ «ልጅቷ አሁን ምን እየወሰደች ነው?» ምክንያቱም ካናቢዳዮል የሚሰጠው ጥቅምም ሆነ የሚያመጣው ጣጣ አብዛኛው የሚወሰነው ቀድሞ በልጁ ሰውነት ውስጥ ባለው መድኃኒት ነው። ክሎባዛም የሚወስድ ልጅ፣ ቫልፕሮየት የሚወስድ ልጅ እና ፌኖባርቢታል የሚወስድ ልጅ ከአንድ ጠርሙስ ቢጠጡ ሦስት የተለያየ ነገር ይገጥማቸዋል። ይህ ጽሑፍ እነዚህን ሦስቱን ያነጻጽራል።

መጀመሪያ ግን ነገሩ ምን እንደሆነ። ካናቢዳዮል ከካናቢስ ተክል የሚወጣ ንጥረ ነገር ነው፤ የሚያሰክረው ግን እሱ ሳይሆን ቲኤችሲ የተባለው ሌላው ነው። ቲኤችሲ የሚሠራበትን የአንጎል ተቀባይ ካናቢዳዮል እምብዛም አይዘውም። በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጠው የተጣራ ካናቢዳዮል በአሜሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 የተፈቀደው ድራቬት እና ሌኖክስ ጋስቶ ለሚባሉ ሁለት ከባድ የልጅነት የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ነው፤ በ2020 ቱበረስ ስክለሮሲስ የተባለ ሌላ በሽታ ተጨመረ። ለማንኛውም የሚጥል በሽታ የተፈቀደ አይደለም፤ ብቻውንም ሳይሆን በሌላ መድኃኒት ላይ ተደርቦ ነው በጥናት የተፈተነው። በ2017 በታተመው የድራቬት ጥናት 120 ልጆችና ወጣቶች ተሳትፈው፣ ካናቢዳዮል በወሰዱት ዘንድ በወር የሚጥላቸው ብዛት መካከለኛው ከ12.4 ወደ 5.9 ወርዷል፤ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ በወሰዱት ዘንድ ከ14.9 ወደ 14.1 ብቻ። ግማሽ ያህል ማቅለል ማለት ነው እንጂ ማዳን አይደለም፤ ይህን ለእናቶች ስነግር አንዳንዶቹ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል፣ ግን ቀድመው ማወቃቸው ይሻላል።

አንጎል ውስጥ ምን ያደርጋል?

ሦስት መንገዶች በደንብ ተጠንተዋል። አንደኛው ጂፒአር55 በሚባል ተቀባይ በኩል ነው። አንድን ነርቭ የሚያነሳሳው ጫፍ ላይ ይህ ተቀባይ ሲነካ፣ ሴሉ ውስጥ የተከማቸ ካልሲየም ይለቀቃል፤ ካልሲየሙም ግሉታሜት የተባለውን አነሳሽ መልእክተኛ ወደ ቀጣዩ ነርቭ ያስረጨዋል። በሚጥል ጊዜ ይህ ይበዛል። ካናቢዳዮል ተቀባዩን ይዘጋል፤ ካልሲየሙ ይቀንሳል፤ የሚረጨውም ግሉታሜት ይቀንሳል።

ሁለተኛው በር ቲአርፒቪ1 ይባላል፤ የበርበሬና የሚጥሚጣ ትኩሳት ምላሳችንን የሚያቃጥለው በዚሁ በር ነው። ሚጥሚጣ የለመደ ሰው እንደሚያውቀው በሩ ደጋግሞ ሲነካ ይደነዝዛል። ካናቢዳዮልም በሩን ነክቶ ቶሎ ያደነዝዘዋል፤ የሚገባው ካልሲየምም ይቀንሳል። ሦስተኛው አዴኖሲን ነው። አዴኖሲን ነርቭን የሚያረጋጋ የሰውነት የራሱ ንጥረ ነገር ነው፤ ቡና የሚያነቃን ይህንን ረጋጊ ከተቀባዩ ላይ ስለሚከለክል ነው። ካናቢዳዮል በተቃራኒው አዴኖሲንን ወደ ሴል የሚያስገባውን ማጓጓዣ ይዘጋል፤ አዴኖሲኑ ውጭ ቆይቶ ሥራውን ይሠራል። ከሦስቱ የትኛው በሰው ላይ የበለጠ እንደሚመዝን ገና አልተለየም።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ውስጥ ለቤተሰብ ይጠቅማል። ካናቢዳዮል ዋና ሥራው እንደ ካርባማዜፒን ወይም እንደ ፌኒቶይን የሶዲየም በሮችን መዝጋት አይደለም። በድራቬት ልጆች ብዙዎቹ የተበላሸባቸው ዘረመል የሚሠራው የሶዲየም በር የሚያረጋጉት ነርቮች ላይ ያለው ነው። የቀረውን በር ካርባማዜፒን ሲዘጋባቸው አረጋጊዎቹ ጭራሽ ይዳከማሉ፤ ልጁ ይብስበታል። ስለዚህ በጨቅላነቱ በትኩሳት ረጅም መንቀጥቀጥ የጀመረው፣ ከዚያ የባሰበት፣ አሁን ካርባማዜፒን ወይም ፌኒቶይን ላይ ያለ ልጅ ካላችሁ፣ ዘመድ ከውጭ የካናቢዳዮል ዘይት ከመላኩ በፊት የነርቭ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ «ይህ መድኃኒት ራሱ ሊያብስባት ይችላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካየኋቸው ምርጫዎች ሁሉ ርካሹም ብዙ ጊዜ ጠቃሚውም ይህ ነው። ማቆም ግን በራሳችሁ አይሁን፤ በሐኪም እጅ ቀስ ተብሎ ነው።

ጉበት ላይ ያለው ጉዳይ፤ ሦስቱን ማነጻጸር

ጉበት መድኃኒት የሚፈርስበት ቦታ ነው፤ የሚያፈርሱትም ኢንዛይሞች ናቸው። ካናቢዳዮል ሲዋይፒ 2ሲ19 የተባለውን ኢንዛይም ያዳክመዋል፤ ራሱ ደግሞ በዚሁ ኢንዛይምና በሲዋይፒ 3ኤ4 ይፈርሳል። ከዚህ ሦስት የተለያየ ውጤት ይመጣል።

ክሎባዛም የሚወስድ ልጅ ላይ፦ ክሎባዛም በጉበት ውስጥ መጀመሪያ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ይህ ውላጅ ራሱ የሚያረጋጋ፣ ከክሎባዛሙም ሁለት እጥፍ ገደማ ረጅም ጊዜ በደም የሚቆይ ነው፤ ከደም የሚያወጣው ደግሞ ዋናው ሲዋይፒ 2ሲ19 ነው። ካናቢዳዮል መውረጃውን ሲያጠብበው ውላጁ ይከማቻል፤ በደም ውስጥ ያለው ወደ 3 እጥፍ ይደርሳል። የክሎባዛሙ ክኒን ያው ነው፣ ልጁ ግን ክኒኑ እንደተጨመረበት ይሰማዋል። መተኛት፣ መንገዳገድ፣ ምራቅ መዝረክረክ ይመጣል። በአንጻሩ የመጣሉ መቀነስ ከፊሉ ከዚህ ጭማሪ ሊመጣ ይችላል። በአውሮፓ በ2019 ሲፈቀድ ለድራቬትና ለሌኖክስ ጋስቶ ከክሎባዛም ጋር ብቻ እንዲሰጥ የተባለውም ጥቅሙ በግልጽ የታየው አብረው ሲወሰዱ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ይህ ጥምረት ከሦስቱ ተስፋ የሚሰጠው ነው፤ ግን የክሎባዛምን መጠን ለመቀነስ የተዘጋጀ ሐኪም ይፈልጋል። ሌላው ችግር እዚህ እኛ ዘንድ ክሎባዛም እንደ ፌኖባርቢታል በቀላሉ አለመገኘቱ ነው።

ቫልፕሮየት የሚወስድ ልጅ ላይ፦ እዚህ የቫልፕሮየቱ መጠን በደም አይጨምርም፤ ችግሩ ጉበቱ ራሱ መቆጣቱ ነው። በጥናቶቹ ኤኤልቲ የተባለው የጉበት ኢንዛይም ከጤናማው ወሰን ከ3 እጥፍ በላይ የወጣባቸው፣ ቫልፕሮየትን ያለ ክሎባዛም ከሚወስዱት 21 በመቶ ሲሆኑ፣ ሁለቱንም ከማይወስዱት 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በአብዛኞቹ የአንዱ መጠን ሲቀንስ ወይም ሲቆም ይመለሳል። ግን ለማወቅ የግድ ደም መመርመር ያስፈልጋል፦ ከመጀመሩ በፊት፣ ከዚያ በ1ኛው፣ በ3ኛው እና በ6ኛው ወር፤ ቫልፕሮየት ካለበት ሐኪሙ ይህን ሊያደጋግመው ይችላል። ኤኤልቲ ከ3 እጥፍ በላይ ሆኖ ቢሊሩቢን የተባለው ሌላው የጉበት መለኪያ ደግሞ ከ2 እጥፍ በላይ ከወጣ፣ ካናቢዳዮሉ ይቆማል። እዚህ ላይ ከወላጆች ጋር ሁልጊዜ የምስማማበት ነገር አለ፦ የላቦራቶሪ ቀጠሮውን መጠበቅ ካልቻላችሁ፣ ከከተማ ርቃችሁ ደባርቅ ወይም ከዚያ ወዲያ ከሆናችሁና መመለስ የማይቻል ከሆነ፣ ከቫልፕሮየት ጋር አትጀምሩ። ማስታወክ፣ ምግብ መጥላት፣ የሽንት መጥቆር፣ የዓይን ቢጫ መሆን ከታየ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል።

ፌኖባርቢታል፣ ካርባማዜፒን ወይም ፌኒቶይን የሚወስድ ልጅ ላይ፦ እነዚህ ደግሞ የጉበትን ኢንዛይም ያበረታሉ። የበረታው ኢንዛይም ካናቢዳዮሉን ቶሎ ያፈርሰዋል፤ የሚደርሰው ይቀንሳል። ምን ያህል እንደሚቀንስ በደንብ የታየው በሪፋምፒሲን ነው፦ ካናቢዳዮሉ ሲሶ ያህል፣ ከካናቢዳዮል የሚወጣውና ራሱ የሚሠራው ውላጁ ደግሞ ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ሪፋምፒሲን ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው መድኃኒት ስለሆነ፣ በእኛ አካባቢ ልጁ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ላይ ካለ ይህን ማንሳት ግዴታ ነው። ሕክምናው ሲያልቅም ኢንዛይሙ በሳምንታት ውስጥ ወደ ቦታው ስለሚመለስ፣ የካናቢዳዮሉ መጠን ሳይለወጥ በደም ውስጥ ይጨምራል። በዚህ ላይ ፌኖባርቢታል ራሱ ያስተኛል፤ ካናቢዳዮልም ያስተኛል። ስለዚህ በፌኖባርቢታል ላይ ያለ ልጅ ብዙ ብር ከፍሎ ያነሰ መድኃኒትና የበለጠ እንቅልፍ የሚያገኝበት ምርጫ ነው። እኔ ብመክር መጀመሪያ ፌኖባርቢታሉ በትክክለኛው መጠን፣ በትክክለኛው ሰዓት፣ ሳይቋረጥ መወሰዱን አረጋግጡ እላለሁ። ብዙ ጊዜ ከመድኃኒቱ መድከም ይልቅ የመድኃኒቱ መቋረጥ ነው ልጁን የሚጥለው።

አንድ ልጅ፣ አንድ ጠርሙስ፣ ሦስት ወር

አዘዞ የሚኖር ቤተሰብ ነው። ልጅቷ 7 ዓመቷ፣ ክብደቷ 20 ኪሎ ነው። በ5 ወሯ በትኩሳት ጀመራት፤ ካርባማዜፒን ብሶባት ተነስቶላት፣ በክሎባዛም 5 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ላይ ነበረች። አክስቷ ከውጭ 6 ጠርሙስ ዘይት ላከች፤ እያንዳንዱ 30 ሚሊሊትር፣ በመለያው 3000 ሚሊግራም ካናቢዳዮል ተጽፎበታል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በአንድ ሚሊሊትር 100 ሚሊግራም። አያቷ በሲሪንጅ 1 ሚሊሊትር ጠዋት፣ 1 ሚሊሊትር ማታ መስጠት ጀመሩ። ይህ በቀን 200 ሚሊግራም፣ ማለትም በኪሎ 10 ሚሊግራም ነው። በሐኪም ሲጀመር ግን በኪሎ 5 ሚሊግራም በቀን ተብሎ፣ ለእሷ 0.5 ሚሊሊትር ጠዋትና ማታ ሆኖ፣ ከሳምንት በኋላ ነው ወደ 10 የሚያድገው፤ ከፍተኛው ለድራቬት በኪሎ 20 ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ደህና ነበር፤ ቤተሰቡ ደስ አለው። በ17ኛው ቀን እናቷ መጣች። «እየተኛችብኝ ነው፣ ምሳ ላይ ቀስቅሼያት ቁጭ አድርጌ ሳጎርሳት እንደገና ትተኛለች፣ ስትራመድ ትወዛወዛለች» አለችኝ። የመጀመሪያው ሐሳቧ ዘይቱ በዝቶባታል የሚል ነበር። ግን ምልክቱ የመጣበትን ቀን አይታችሁ ፍረዱ። የክሎባዛም ውላጅ በደም ውስጥ ሦስት ቀን ገደማ ቆይቶ ነው ግማሹ የሚወጣው፤ መውረጃው ሲጠብ ደግሞ ይብሳል፤ ስለዚህ ሲከማች ሁለትና ሦስት ሳምንት ይፈጃል። የዘይቱ የራሱ ድብታ ቢሆን ቀደም ብሎ በመጣ ነበር። እናም በዚያው ቀን ወደ ነርቭ ሐኪሟ ላክኋቸው። ሐኪሙ ዘይቱን ሳይነካ ክሎባዛሙን በደረጃ ወደ ግማሽ አወረደው። 3 እጥፍ የሆነው ውላጅ በግማሽ ሲወርድ አሁንም ከመጀመሪያው 1.5 እጥፍ ነው፤ ስለዚህ መጣሉ የመመለስ አደጋው ዝቅተኛ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ልጅቷ ነቅታ ከወንድሟ ጋር መጫወት ጀመረች።

የዘይቱ ጥራት ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ጥያቄ ነው። በ2017 በአሜሪካ በመስመር ላይ ከሚሸጡ 84 የካናቢዳዮል ምርቶች ውስጥ በመለያው የተጻፈው ከውስጡ ጋር የገጠመው 26ቱ ብቻ ነበር፤ በ18ቱ ቲኤችሲ ተገኝቶባቸዋል። ቲኤችሲ ለልጅ አንጎል አይሆንም፤ በሀገራችን ካናቢስ የተከለከለ ስለሆነም ቲኤችሲ ያለበት ጠርሙስ በኤርፖርት ላይ የሚያመጣው መዘዝ ለላኪው ዘመድ ጭምር ነው። የአክስቷ ጠርሙስ የላቦራቶሪ ማረጋገጫ ነበረው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ግን 30 ሚሊሊትሩ 1000 ሚሊግራም የሚል ነው፤ በአንድ ሚሊሊትር 33 ሚሊግራም ማለት ነው። በዚህ ጠርሙስ ይህችኑ ልጅ በኪሎ 10 ላይ ለማድረስ በቀን 6 ሚሊሊትር፣ ማለትም ጠርሙሱ በ5 ቀን ያልቃል። በቀን አንድ ጠብታ መስጫ ሙሉ የሚሰጥ ቤተሰብ በኪሎ ከ2 ሚሊግራም በታች ነው የሚሰጠው። ይህ በጥናቱ ከታየው መጠን ሲሶው እንኳ አይሞላም፤ ገንዘባችሁን አታጥፉ። «የሄምፕ ዘር ዘይት» የሚል ከሆነ ደግሞ ካናቢዳዮል የለበትም ማለት ይቻላል። የሐኪም መድኃኒቱ በሚሊሊትር 100 ሚሊግራም የተጣራ ነው፤ ከቻላችሁ ዘመዳችሁ ዘይት ከመግዛት ይልቅ በሐኪም በኩል ይህንን የማግኘት መንገድ እንዲጠይቅ ንገሩት።

ጾም፣ ፍስክ እና ቅቤ

አንድ ነገር ከፋርማሲ መጽሐፍ ሳይሆን ከማዕድ ቤታችን የሚነሳ ነው። ካናቢዳዮል ስብ ይወዳል። ስብ የበዛበት ምግብ ከተበላ በኋላ ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው ባዶ ሆድ ከሚወሰደው 4 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ቅቤ በበዛበት ወጥ የሚሰጥ ሰንበት እና በጾም ሽሮ የሚሰጥ ረቡዕ አንድ መጠን አይደሉም። ልጅቷ ባትጾምም ቤቱ ሲጾም የሚበስለው ይለወጣል፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ ልውጡ ለ55 ቀን ይቀጥላል። መጣል የጨመረ መስሎ በጾም ወቅት ሲመጡብኝ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው ማዕዱን ነው። መፍትሔው ቅቤ መጨመር ሳይሆን አንድ ዓይነት ማድረግ ነው፤ ለምሳሌ ሁልጊዜ ከሁለት ማንኪያ የለውዝ ቅቤ ጋር መስጠት። የለውዝ ቅቤ በጾምም በፍስክም ይሆናል፤ ልኩም አይለወጥም። የቀየራችሁት ቀን ካለ በወረቀት ጻፉት፤ የጣላትን ቀን ከምትጽፉበት ከዚያው ወረቀት ላይ።

ጠርሙሱ ሲያልቅ

6 ጠርሙስ በቀን 2 ሚሊሊትር 90 ቀን ነው። በ70ኛው ቀን አያቷ የቀረውን ይዘው መጥተው «አሥር ቀን ገደማ ነው፣ አክስቷ አልደወለችም» አሉኝ፤ ለማጣራት በሲሪንጅ ለካነውና 40 ሚሊሊትር ሆነ፤ የእውነት 20 ቀን ነበር። ያ ልኬት ጊዜ ሰጠን። ካናቢዳዮል በድንገት ከቆመ ሁለት ነገር አንድ ላይ ይወርዳል፦ አንዱ ራሱ ነው። ሌላው የተለቀቀው ኢንዛይም የክሎባዛሙን ውላጅ ማፍረስ መጀመሩ ነው። ክሎባዛሙ ቀድሞ በግማሽ ስለወረደ ውላጁ ከመጀመሪያው ወደ ግማሹ ያርፋል፤ ማለትም ልጅቷ ዘይቱን ከመጀመሯ በፊት ከነበረችበትም በታች ትሆናለች። ይህ ዝቅታ ደግሞ እንደ መውጣቱ ሁሉ በሳምንታት ስለሚመጣ፣ ቤተሰቡ «ዘይቱ አልቆም ደህና ናት» ሲል ነው የሚጥላት።

ሐኪሟ ሁለት ዕቅድ አወጣላት። አክስቷ አዲስ ጠርሙስ መላኳን እስከ 80ኛው ቀን ካላረጋገጠች፣ ዘይቱ በየ4 ቀኑ እየተቀነሰ ክሎባዛሙ በዚያው ልክ ወደ 5 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ይመለሳል። ካረጋገጠች ደግሞ አዲሱ ጠርሙስ እስኪደርስ ያለው በትንሹ ተቀንሶ እንዲያደርስ ይደረጋል። አክስቷ በ78ኛው ቀን ደወለች፤ አዲሱ ጠርሙስ ግን ከመለያው በቀር ሌላ ነገር ያልተጻፈበት ነበር። እኛም የመጀመሪያውን ዕቅድ ነው የመረጥነው። ክሎባዛሙ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ዘይቱ በ92ኛው ቀን ቆመ፤ ልጅቷ በዚያ ወር ሁለት ጊዜ ጣላት፤ ዘይት ከመጀመሯ በፊት በነበሩት ወሮች ግን ስምንት ያህል ነበር። አያቷ ያንን ወረቀት አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ይዘውታል፤ ማረጋገጫ ያለው ጠርሙስ ከመጣ ከየት መጠን እንደሚጀመር የሚያሳየው እሱ ነው፦ 0.5 ሚሊሊትር ጠዋት፣ 0.5 ሚሊሊትር ማታ፣ በ14ኛው ቀን ሐኪም ዘንድ።